የቻርጀር ፎቶ እንዴት ይነበባል? ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሆነው ለሚገዙ

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚኖር ሰው የስልክ ቻርጀር ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ከመንካቱ በፊት የሚያየው ፎቶውን ነው። መርካቶ ያለው ሻጭ በቴሌግራም ይለጥፋል፣ ገዢው ገንዘቡን በስልክ ይልካል፣ ዕቃው በሞተረኛ ወይም በሚኒባስ ረዳት እጅ ይደርሳል። ቻርጀሩ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለመመለስ የሚወጣው የትራንስፖርት ሒሳብና የሚባክነው ግማሽ ቀን ሲታሰብ፣ አብዛኛው ሰው «ይሁን» ብሎ ይሰካዋል። ስለዚህ ምርመራው መደረግ ያለበት ገንዘቡ ከመላኩ በፊት፣ ፎቶው ላይ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይያዙ። ፎቶ ቻርጀርን ለመጣል ይረዳል እንጂ ለማጽደቅ አይበቃም። አደገኛ ቻርጀርን ከደህናው የሚለየው ዋናው ነገር ያለው በፕላስቲኩ ውስጥ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት በአንድ ወገን፣ ወደ ስልክዎና ወደ እጅዎ የሚሄደው 5 ወይም 9 ቮልት በሌላው ወገን ሆነው፣ በመካከላቸው በቂ ክፍተት መኖር አለበት። ኬን ሺሪፍ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2014 ትክክለኛውንና የተቀዳውን የአይፓድ ቻርጀር ከፍቶ ሲያነጻጽር፣ በትክክለኛው ውስጥ ያገኘው ክፍተት 5.6 ሚሊሜትር፣ በተቀዳው ውስጥ ያገኘው ደግሞ 0.6 ሚሊሜትር ነበር። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ዩኤል የተባለው የደህንነት መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 400 የተጭበረበሩ የአፕል አዳፕተሮችን ፈትሾ ከ100 ከ99 በላይ የሚሆኑት እንደወደቁ፣ 12ቱ ደግሞ ሰውን በኤሌክትሪክ ሊገድሉ የሚችሉ ሆነው እንደተገኙ አስታውቋል። ፎቶ ይህን ክፍተት አያሳይም። ሆኖም ውስጡን ያጎደለ አምራች ከውጭም የሆነ ነገር ማጉደሉ የተለመደ ነው፤ የምንፈልገው ያንን ነው።

ከሻጩ የሚጠየቁት ፎቶዎች

ሻጩ በመጀመሪያ የሚለጥፈው ፎቶ ለምርመራ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የተወሰደ ነው፣ ወይም የካርቶኑ ፊት ብቻ የሚታይበት ነው። ካርቶን ማንም ያሳትማል። ስለዚህ አራት ፎቶ በትሕትና ይጠይቁ። አንደኛው ጽሑፉ ያለበት ገጽ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ እግሮቹ በወጡበት ፊት ላይ ወይም በጎን ይገኛል። ሁለተኛው ከጎን ተነሥቶ እግሮቹን ከሥር እስከ ጫፍ የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። አራተኛው ጭንቅላቱ ብቻውን፣ ያለ ገመድ፣ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ነው። ከአራቱ በአንዱ ላይ የዛሬው ቀንና የእርስዎ ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አጠገቡ እንዲቀመጥ ይጠይቁ፤ ፎቶው በሻጩ እጅ ካለው ዕቃ መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ እሱ ነው።

ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ያሳንሰዋል፤ ነጭ ፕላስቲክ ላይ በግራጫ ቀለም የታተመ ደቃቅ ጽሑፍም ያኔ ይጠፋል። «በፋይል ላክልኝ» ይበሉት፤ በፋይል የተላከ ፎቶ ጥራቱን እንደያዘ ይመጣል። ብርሃኑም ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ቢመጣ ይሻላል። የስልኩ ፍላሽ ነጩን ፕላስቲክ ያበራውና ጽሑፉን ያጠፋዋል፤ በመስኮት አጠገብ፣ ፍላሹ ጠፍቶ የተነሣ ፎቶ ግን የታተመውንም የተቀረጸውንም ያሳያል። በደበዘዘ ፎቶ ላይ ምልክት አላየሁም ብለው አይፍረዱ። ሌላ ፎቶ ይጠይቁ። በጠራ ፎቶ ላይ ከጠፋ ግን ጠፍቷል።

ጽሑፉን ማንበብ

ፎቶውን አስፍተው መጀመሪያ የአምራቹን ስምና የሞዴሉን ቁጥር ይፈልጉ። ሁለቱም ከሌሉ ሌላውን ማየት አያስፈልግም፤ አምራቹ ራሱ ያልፈረመበት ዕቃ ነው። ቀጥሎ መግቢያውን ያንብቡ። በአገራችን ያለው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ INPUT ከሚለው ቃል ቀጥሎ 100-240V~ 50/60Hz ወይም 220ን የሚያካትት ሌላ ቁጥር መኖር አለበት። ከዚያ በአምፔር የተጻፈ ቁጥር ይከተላል። ከቮልቱ ቀጥሎ ያለችው ሞገድ የግድግዳውን ተለዋዋጭ መብራት ታመለክታለች። OUTPUT በሚለው በኩል ደግሞ አንድ ሙሉ መስመርና ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ያለበት ምልክት ⎓ መታየት አለበት። ቀጂዎች ይህን ምልክት ይዘሉታል፣ ወይም በሁለቱም በኩል ያንኑ ሞገድ ይደግሙታል።

አሁን ማባዛት ነው። የመውጫው ቮልት በአምፔሩ ሲባዛ ዋቱን ይሰጣል። «25 ዋት» ተብሎ የሚሸጥ ቻርጀር ጽሑፉ ላይ ወደ 25 የሚደርስ ብዜት ሊኖረው ይገባል። የሳምሰንግ EP-TA800 ላይ 9V 2.77A የሚል አለ፤ ሲባዛ 24.93 ይሆናል። ካርቶኑ 25 ዋት እያለ ጭንቅላቱ ላይ 5V 2A ብቻ ከተጻፈ ዕቃው በራሱ አንደበት 10 ዋት ነኝ እያለ ነው። ይህ ፍተሻ መሣሪያ አይፈልግም፤ ብዙ ኮፒ የሚጋለጠውም በዚህ ነው። ካርቶኑን አንዱ፣ ጭንቅላቱን ሌላው ያሠራዋልና ሁለቱ አይገጣጠሙም።

ከምልክቶቹ ውስጥ በጣም የሚያስፈልገን ትልቅ አራት ማዕዘን ውስጥ ትንሽ አራት ማዕዘን ያለበት ነው። ባለ ሁለት እግር ቻርጀር የመሬት ገመድ የለውም። ስለዚህ መከላከያው በሙሉ የተመሠረተው ድርብ በሆነው ኢንሱሌሽን ላይ ነው፤ ድርቡ አራት ማዕዘን የሚናገረው ይህንኑ ነው። ባለ ሁለት እግር ሆኖ ይህ ምልክት በጠራ ፎቶ ላይ ከሌለ አይግዙት።

CE የሚለው ምልክት ግን ከሚገባው በላይ ይታመናል። ምልክቱን አምራቹ ራሱ የሚለጥፈው የአውሮፓ ገበያ ምልክት ነው፤ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት አይሰጠውም፣ በአብዛኛውም ማንም ገለልተኛ ወገን አይፈትሸውም። ስለዚህ መኖሩ ብዙ አይነግርዎትም፤ አሣሣሉ ግን ይነግርዎታል። ሁለቱ ፊደላት ከክብ የተቆረጡ ስለሆኑ፣ C በዓይነ ሕሊና ተሞልታ ክብ ብትሆን የክቡ ጠርዝ የE የውስጥ ጠርዝ ድረስ ይደርሳል። በመካከላቸው ሰፋ ያለ ክፍተት የሚታየው ለዚህ ነው። የE መካከለኛዋ መስመርም ከላይና ከታችኛው ታጥራለች። ሁለቱ ፊደላት ተጣብቀው ወይም በተራ የጽሕፈት ፊደል ታትመው ካዩ፣ ያተመው ሰው ምልክቱን ከሌላ ዕቃ ላይ ለመቅዳት እንኳ አልደከመም ማለት ነው። የፊደል ግድፈት ያለበት ጽሑፍም በዚሁ ይመደባል።

ስለ ከፍታ ለእነዚህ ሦስት አካባቢዎች ለብቻ የምናገረው አለኝ። ሦስቱም ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሰበታ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፣ ከእንጦጦ ማዶ ያለችው ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከልከል ዐቅሙ ይቀንሳል። ዓለም አቀፉ የኢንሱሌሽን ደረጃ ክፍተቱን የሚያሰላው እስከ 2000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ለ3000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 እንዲባዛ ያዛል። ጥሩ አምራች ለዚህ የሚተርፍ ክፍተት ይተዋል። ለቻይና ገበያ ከተሠሩ ቻርጀሮች አንዳንዶቹ ላይ ግን ሦስት ማዕዘን ውስጥ ተራራና 2000m የሚል ምልክት ይታያል፤ ትርጉሙ ከዚያ በላይ ከፍታ ባለው ቦታ አይጠቀሙ ነው። ይህን ምልክት በፎቶ ካዩ ዕቃው ኦርጅናልም ቢሆን ለቤትዎ አልተሠራም። 5000m የሚለውን ይምረጡ። ክፍተቱን ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ያወረደ ኮፒ ደግሞ በቆላም አደገኛ ነው፤ ሱሉልታ ላይ የባሰ ይሆናል።

እግሮቹን መለካት

ለቤታችን የግድግዳ ሶኬት የተሠራው ባለ ሁለት ክብ እግር መጠኑ የታወቀ ነው። እያንዳንዱ እግር 4 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 19 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። ከሥሩ 10 ሚሊሜትር ያህሉ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሲሆን ጫፉ ብቻ ብረት ነው። ሽፋኑ ያለው ለምክንያት ነው። ልጅ ቻርጀሩን ሲነቅል ወይም ጭንቅላቱ ከማከፋፈያው በግማሽ ሲወጣ፣ እግሩ ገና ከመብራቱ ጋር እንደተገናኘ ጣት በመካከል ይገባል። ጣቱ ያን ጊዜ የሚነካው ፕላስቲኩን መሆን አለበት። ከሥር እስከ ጫፍ ባዶ ብረት የሆነ ክብ እግር በፎቶ ካዩ ሌላውን ሳያዩ ይተዉት።

ርዝመቱን ያለ ማስመሪያም ማወቅ ይቻላል። ከጎን በተነሣው ፎቶ ላይ የእግሩን ውፍረት በስልክዎ ስክሪን ላይ በክር ወይም በወረቀት ጠርዝ ይለኩና ርዝመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቁጠሩ። አምስት ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለቅ አለበት፤ 19 ለ4 ሲካፈል 4.75 ነውና። ሽፋኑ ደግሞ ከርዝመቱ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ሬሾው አራት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እግሩ አጭር ነው። አጭር እግር ሶኬቱ ውስጥ ያለውን ብረት በጫፉ ብቻ ይነካል፤ ትንሽ ሲነካካ ይላቀቃል፣ ብልጭ ይላል፣ ሶኬቱን ያጠቁራል።

በትክክለኛ ሚሊሜትር ማወቅ ከፈለጉ በፎቶው ውስጥ ያለ የታወቀ ነገር ይጠቀሙ። የተለመደው ሰፊው የዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ብረቱ 12 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ሻጩ ይህን ጫፍ ከእግሮቹ አጠገብ፣ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ አስቀምጦ ያንሣ። እኩል ካልሆነ ወደ ካሜራው የቀረበው ገዝፎ ይታያልና ስሌቱ ይሳሳታል። በስክሪንዎ ላይ የዩኤስቢው ጫፍ 24 ሚሊሜትር ከሆነ ሁሉም ነገር በእጥፍ ገዝፏል ማለት ነው፤ 38 ሚሊሜትር የሚታይ እግር በእውነቱ 19 ነው፣ 32 የሚታይ ግን 16 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በስህተት ጥሩውን ዕቃ ይጥላል። ሁለቱ እግሮች ወደ ጫፋቸው ጥቂት ተቀራርበው ካዩ ጉድለት አይደለም። በደረጃው መሠረት ከሥር 18.6፣ ከጫፍ 17.5 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ይህ ሶኬቱ ውስጥ ገብተው በደንብ እንዲይዙ ተብሎ የተደረገ ነው። ጉድለት የሚሆነው አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ሲዘምም፣ አንዱ ሲረዝም ሌላው ሲያጥር፣ ወይም የእግሩ ጫፍ ክብ ከመሆን ይልቅ እንደ ተቆረጠ ሚስማር ሲሾል ነው። የብረቱን ጎን አስፍተው ይዩ፤ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የስፌት መስመር ካለ እግሩ ድፍን አይደለም፣ ከስስ ቆርቆሮ የተጠቀለለ ነው። እንዲህ ያለው በቀላሉ ይጣመማል።

ከዱባይ የሚመጣው ባለ ሦስት ወፍራም እግር ሌላ ሕግ አለው። በዚህ ላይ ሽፋን የሚኖራቸው ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ እግሮች ናቸው። ብቻውን ያለው ሦስተኛው ወይ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው ወይ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ፤ ብረት ሆኖ ግማሹ ከተሸፈነ የተጭበረበረ ነው። ከሁለቱ እግሮች ጠርዝ እስከ ቻርጀሩ ጠርዝ ያለው ርቀትም ከ9.5 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። ርቀቱ ከጠበበ ጭንቅላቱን ለመንቀል የሚይዙት ጣት ወደ ብረቱ ይቀርባል።

ሚዛኑ የሚለው

ክብደት ለምን ይጠቅመናል? በጥሩ ቻርጀር ውስጥ በድርብ ኢንሱሌሽን የተጠቀለለ ትራንስፎርመር፣ ፊውዝ፣ መብራቱን የሚያጠሩ ኮንደንሰሮችና ጥቅልል ሽቦ አለ። ወጪ የሚቀንስ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው እነዚህን ነው፤ ያኔ ጭንቅላቱ ይቀላል። ነገር ግን «ከዚህ ግራም በታች ሁሉ ፎርጅድ ነው» የሚል አንድ ቁጥር የለም፤ 5 ዋቱና 25 ዋቱ እኩል አይመዝኑም፣ አዳዲሶቹ ደግሞ ዐቅማቸው እያለ ያንሳሉ። ያለው አስተማማኝ መንገድ ማነጻጸር ነው። ከስልክ ካርቶን ውስጥ የወጣ፣ ያንኑ የሞዴል ቁጥር የያዘ የዘመድ ወይም የጎረቤት ቻርጀር ይዘው ወደ ወርቅ ቤት ወይም ግራም የሚያነብ ሚዛን ወዳለበት ይሂዱና ያስመዝኑት። የአትክልት መሸጫው ሚዛን አይረዳም፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት በ5 ወይም በ10 ግራም ስለሆነ የምንፈልገውን ልዩነት ይውጡታል።

በሻጩ ፎቶ ላይ ሦስት ነገር ይመልከቱ። ገመዱ አብሮ ተመዝኗል? ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ነበር? ለዚህ ከዜሮ ጀምሮ ጭንቅላቱ እስኪቀመጥ ያለውን አጭር ቪዲዮ ይጠይቁ። ሦስተኛው፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ግራም ነው ወይስ ሌላ መለኪያ? በተመሳሳይ ሞዴል ላይ ሁለት ሦስት ግራም መለያየት ምንም አይደለም። ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ከቀለለ ግን ውስጡ ጎድሏል ብዬ እፈርዳለሁ። መክበዱ ደግሞ ዋስትና አይሆንም፤ ፓወር ባንክ ውስጥ አሸዋ የሚሞላ ነጋዴ ባለበት ገበያ ቻርጀርም ብረት ተጨምሮበት ሊከብድ ይችላል። ሚዛንም ለመጣል ብቻ ነው።

አንድ ዕቃ አብረን እንይ

እንበል ቡራዩ ላይ ያለ ገዢ «የሳምሰንግ 25 ዋት ኦርጅናል» የሚል ማስታወቂያ አይቶ አራቱን ፎቶ አስልኳል። ጽሑፉ ላይ EP-TA800 ይላል፣ ድርቡ አራት ማዕዘንም አለ። እስከዚህ ደህና ነው። OUTPUT ግን 5V 2A ብቻ ነው፤ 10 ዋት። የቀዳዳውን ፎቶ ሲያይ ሰፊው የድሮው ዩኤስቢ ነው፤ ትክክለኛው EP-TA800 ግን ቀዳዳው አንድ ታይፕ ሲ ብቻ ነው። ሁለት ማስረጃ በእጁ ገባ፤ ፍርዱን እዚህ ላይ መስጠት ይችላል። ቢቀጥል፣ በጎን ፎቶው ላይ የእግሩ ውፍረት ርዝመቱ ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ይገባል፤ ወደ 16 ሚሊሜትር ነው። ሚዛኑ ላይ ሻጩ ያሳየው ክብደት መጀመሪያ ከወንድሙ ቻርጀር ጋር ይቀራረባል፤ ፎቶውን ሲያሰፋ ግን ገመዱ ተጠቅልሎ ከሥሩ ተቀምጧል። ያለ ገመድ እንዲመዘን ሲጠይቅ ሻጩ ዝም ይላል። ዝምታውንም መልስ አድርጎ ይውሰደው።

ሌላ አጋጣሚ ደግሞ አለ፤ አራቱም ፎቶ ንጹሕ ሆነው ይገኛሉ። ያኔ ይግዙ፣ ግን ደረሰኝ ይጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትንና ፎቶዎቹንም አያጥፉ። ዕቃው ሲደርስ ፎቶ ላይ ካዩት ጋር ያመሳክሩት፤ ጽሑፉ፣ እግሩና ክብደቱ ያው መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት እርስዎ ነቅተው ባሉበት ሰዓት፣ ከፍራሽና ከመጋረጃ ርቆ ይሰካ። እጅ የማያስይዝ ትኩሳት፣ የፕላስቲክ ሽታ፣ ወይም ሲሰካ የስልኩ ስክሪን በራሱ መንካካት ከጀመረ ይንቀሉት።

ቤትዎ ውስጥ አሁን ያሉትንም ዛሬ ማታ በዚሁ መንገድ ይዩዋቸው። እግሩ ባዶ ብረት የሆነውን፣ አምራቹ ያልተጻፈበትን፣ ጽሑፉና ካርቶኑ የማይገጣጠመውን ለታናሽ ወንድም ወይም ለቤት ሠራተኛ አያሳልፉት፤ ለልዋጭ ለሚወስድም አይስጡት፣ ተመልሶ ሌላ ቤት ይሰካልና። ከሶኬቱ ከነቀሉት በኋላ እግሮቹን በፒንሳ አጣመው ሰብረው ይጣሉት።